ወለድ ያልተጠየቀበት ክስ

ሚዛን ተፈሪ፣ ከዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማዶ፣ አራት ቋሚ የተከልኩለት የቆርቆሮ ዳስ ነበረኝ። ከሥሩ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የአማርኛ ታይፕና ሁለት አግዳሚ ወንበር። ሰው ራፖር ጸሐፊ ይለኛል። ውል እጽፋለሁ፣ አቤቱታ እጽፋለሁ፣ የክስ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሥራዬ ባጭሩ የሰውን ቁጣ ወደ ቁጥር መለወጥ ነበር።

አባቴ እዚሁ ዞን ውስጥ የሸይ ቤንች ወረዳ ገበሬ ነው። አማርኛን ያገኘሁት ከእናቴ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ከልክ በላይ የምኮራበት። መሐል አገር ተምሮ የመጣ ጠበቃ የጻፈውን ክስ እያነበብኩ ስህተት ስለቅም ደስ ይለኝ ነበር። ቁጡም ነበርኩ። ባለጉዳይ "እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ" ሲለኝ፣ "ሕግ የሚያውቀው ማነው፣ አንተ ወይስ እኔ?" እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ሕግ አልተማርኩም። ሁለቱን የሕግ መጻሕፍት፣ ፍትሐ ብሔሩንና ሥነ ሥርዓቱን፣ ገጻቸው እስኪላቀቅ አንብቤያቸው ነበር እንጂ።

ሐጂ የመጡት የክረምቱ ዝናብ ሊወጣ ሲል ነው። የጅማ አካባቢ ሰው ናቸው፤ ሚዛን ገበያው ዳር ጆንያ፣ የቡና ማድረቂያ ሽቦና ሸራ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። እኔን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። ከፌስታል ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። አራት የዱቤ ፋክቱር፣ እያንዳንዱ የተረካቢ ፊርማ ያለበት፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ገጽ የአቅርቦት ውል። ውሉን ገና ከሩቅ አወቅኩት። የእኔ ታይፕ "ለ" ፊደሏ ትንሽ ወደ ላይ ትዘላለች።

"ሽማግሌ ሁለቴ ላክሁ" አሉኝ። "ዛሬ ነገ አለ። ዓመት ሞላው። አሁን ክሰስልኝ።"

ከሳሹ እርሳቸው፣ ተከሳሹ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ሸኮ አጠገብ፣ የቡና ማጠቢያ ያለው ሰው ነው። ሐጂ ለአንድ የቡና ወቅት የሚሆነውን ጆንያና ሽቦ ሊያቀርቡለት ተዋውለው አቅርበዋል። እያንዳንዱ ፋክቱር ዕቃው በገባ በሠላሳ ቀን ሊከፈል ነበር። አራቱም ሲደመሩ ሁለት መቶ አርባ ሺህ ብር ናቸው። አንድም ሳንቲም አልተከፈለም።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ እንደ ውሃ የሚጠጣ ነበር። ውል አለ፣ ርክክብ አለ፣ ቀኑ አልፏል። ችግሩ ያለው ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው።

ሐጂ ጆንያውን ያመጡት አዲስ አበባ ካለ ጅምላ ነጋዴ በዱቤ ነው። መያዣ ብለው የአይሱዙ መኪናቸውን ሊብሬ ትተውለታል። የማጠቢያው ባለቤት ሲዘገይባቸው ጅምላ ነጋዴው በበኩሉ ደብዳቤ ጻፈ፤ ዐሥር ቀን ሰጣቸው። በዐሥር ቀን የሚሸጥ መኪና ደግሞ እንዴት እንደሚሸጥ ማንም ያውቃል። በገበያ ሦስት መቶ ሃያ ሺህ የምታወጣውን ሁለት መቶ ሃምሳ ተቀብለው ለአንድ የቦንጋ ሰው ሰጡ፤ ብሩም ለዕዳው ሄደ። ያቺ መኪና ለእርሳቸው ሱቁም እርሻውም ነበረች። ከሚዛን ጅማ፣ ከጅማ ሚዛን የሰው ጭነት እየጫነች ነበር ቤቱን ያኖረችው።

"ሰባ ሺህዋ ከዋናው ብር ጋር ካልመጣች መኪና የለም" አሉኝ። "መኪና ከሌለ ደግሞ ሱቁ ብቻውን አይቆምም፣ ልጄ። እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ ተሸክሜ አልነግድ።"

አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር ክስ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉዳት ሲጠይቅ እንደ ለቅሶ ነው የሚጠይቀው። "ስለ ደረሰብኝ እንግልትና የሞራል ስብራት መቶ ሺህ ብር ይከፈለኝ" ይላል። ዳኛ ይህን አንብቦ ምን ያድርግ? ጉዳት የሚጠየቀው ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚለካና በምን እንደሚረጋገጥ ተነግሮ ነው። ገንዘብ ሲዘገይ ሕጉ ለባለገንዘቡ ቀላል መንገድ አበጅቶለታል፤ ወለድ። በውሉ ሌላ ካልተባለ ከመቶ ዘጠኝ በዓመት። "ተጎድቻለሁ" ብሎ ማስረዳት እንኳ አያሻውም፤ መዘግየቱ ብቻ ይበቃል። ከወለዱ በላይ ጉዳት አለኝ ካለ ግን ሌላ ደጅ ነው የሚያንኳኳው። ባለዕዳው ገና ሲዋዋል፣ "ብትዘገይ እንዲህ ያለ ልዩ ጉዳት ይደርስብኛል" ተብሎ ተነግሮት እንደነበር ማስረዳት አለበት። ካስረዳ ጉዳቱን በሙሉ ያገኛል። ካላስረዳ ያው ወለዱ ነው።

ይህን ለሐጂ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

"እንዴ! ነግሬዋለሁ እኮ። እዚሁ፣ እዚህ ወንበር ላይ። አንተ እኮ ነህ የጻፍከው።"

ውሉን ወደ እኔ ሳብኩት።

ያን ቀን አልረሳሁትም። የማጠቢያው ባለቤት ፒክአፑን ሞተር ሳያጠፋ ነበር ያቆማት። ከሸኮ በላይ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከዘነበ መንገዱ ይዘጋበታል። እኔ ውሉን እየጻፍኩ ገጹ አለቀ። ዋጋው፣ ብዛቱ፣ የመክፈያው ቀን፣ "ቀኑ ካለፈ ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ ባለዕዳው እንደዘገየ ይቆጠራል" የምትለዋ የምኮራባት ዓረፍተ ነገር ሳትቀር ሁሉም ገብቷል። የቀረው የፊርማ ቦታ ብቻ ነው። ይኼኔ ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ።

"እኔም በዱቤ ነው የማመጣው። መያዣው አይሱዙዬ ናት። አንተ ከዘገየህ መኪናዬን በርካሽ አሸጥከኝ ማለት ነው። ይሄን ጻፍልኝ፣ አንተ ልጅ።"

ይህን ለመጻፍ ሁለተኛ ገጽ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ገጽ ማለት ደግሞ ሦስት ወረቀት፣ ሁለት ካርቦን፣ ከየገጹ ሥር የሁሉም ፊርማ፤ ፒክአፑ ይንደቀደቃል፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሦስት ባለጉዳዮች ያጉረመርማሉ። እኔም በልቤ "ይሄ ወሬ እንጂ ውል አይደለም" አልኩ። አልጻፍኩትም።

ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እንደ ልማዴ ከመፈራረማቸው በፊት ውሉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሐጂ የሚያነቡት ቁርኣን ነው፤ አማርኛ ፊደል አይዘልቃቸውም። መጨረሻው ላይ ስደርስ እየጠበቁ እንደሆነ ከዓይናቸው አየሁ። እኔም ወረቀቱን እያየሁ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን፣ የተናገሩትን ሁሉ አሳምሬ በቃሌ አነበብኩላቸው። "አቅራቢው ዕቃውን በዱቤ የሚያመጡ በመሆኑና መኪናቸውን መያዣ ያደረጉ በመሆኑ፣ ክፍያው ቢዘገይ መኪናውን ለመሸጥ የሚገደዱ መሆኑን ገዢው ተረድተዋል።" ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፈረሙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኔ ደግሞ ያለመጽሐፍ አወረስኳቸው።

አሁን ከዓመት በኋላ ያቺ የሌለች መስመር ተመልሳ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠች።

"አዎ፣ ነግረውታል" አልኳቸው። ወረቀቱን አጠፍኩት። "ክሱን አዘጋጅቼ ነገ እደውላለሁ።"

ፈራሁ። ምን እንደፈራሁ በግልጽ ልናገር፤ ስሜን ፈራሁ። በሚዛን ከተማ የራፖር ጸሐፊ ሀብቱ "ያነበበው ያው የጻፈው ነው" መባሉ ብቻ ነው። ግማሹ ባለጉዳይ ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ ካፊኛ እየተናገረ አድጎ አማርኛን እንደ እኔ በኋላ ያገኘ ነው፤ ሌላው ጭራሽ አያነብም። በእኔ አፍ ነው የሚፈርመው። ያ አፍ ዋሽቷል ከተባለ ታይፕ ቢኖረኝ ምን ይሠራልኛል?

ስለዚህ ያገኘሁት ማምለጫ ወለድ ነው። ወለድ ማስረጃ አይፈልግም፤ ያን ቀን ማን ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። የመኪናውን ኪሳራ ጽፌ፣ ከሥሩ "ፍርድ ቤቱ ይህን ካልተቀበለ በአማራጭ" ብዬ ወለዱን ብከት፣ ኪሳራው ሲወድቅ ወለዱ ይይዛቸዋል። አራቱ ፋክቱሮች የሚከፈሉበት ቀን ስለሚለያይ የእያንዳንዱን ለየብቻ አሰላሁ፤ ሃያ ሺህ ብር ገደማ መጣ። ከሰባ ሺህ ይሻላል ወይ? አይሻልም። ከዜሮ ግን ይሻላል አልኩ። ደግሞም አሁን ያልተጠየቀ ኋላ አይጠየቅም፤ ከአንድ ጉዳይ የሚመጣውን ሁሉ በአንድ ክስ ካልጠየቅክ የተውከው ቀረ። ዳኛም ያልተጠየቀውን አይሰጥም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ሰው ራሱን ሲያታልል በውሸት ብቻ አያታልልም።

እንቅፋቱ ሐጂ መጀመሪያውኑ የነገሩኝ ነገር ነው። ገና ፋክቱሮቹን እየዘረጉ፣ "ወለድ የሚባል ነገር እንዳትጽፍ" ብለውኝ ነበር። "ሐራም ነው። ያከሰረኝን ይክፈለኝ። የብር ልጅ አልፈልግም።"

ሳይፈሩ የተናገሩትን ቃል ፈርቼ ጣስኩት። በማግስቱ መጡ፣ ክሱን አነበብኩላቸው። ዋናው ገንዘብ፣ የመኪናው ኪሳራ ሰባ ሺህ፣ መኪናዋ ከተሸጠች ወዲህ የቀረባቸው የጭነት ገቢ ሃያ አራት ሺህ። ወለዱ ጋ ስደርስ ገጹን ገለጥኩና ዘለልኩት። "ክሱ በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ" ከምትለው መስመር ሥር ፈረሙ። አንድ ቅጂ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የዳኝነቱን ክፍያ ነገ ከፍለን መዝገብ እንከፍታለን ብለን ተለያየን።

በማግስቱ ሐጂ ብቻቸውን አልመጡም። አስተማሪ የሆነች ልጃቸው አብራቸው ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ መነጽር ያደረገች። ወንበሩ ላይ አራት ሰው ተቀምጦ ወረፋ ይጠብቃል። ሐጂ አልተቀመጡም፤ ትናንት ኪሳቸው የከተቱትን ቅጂ አውጥተው ለልጃቸው ሰጧት።

"አንብቢ" አሏት።

አነበበች። "በአማራጭ፣ ተከሳሽ እያንዳንዱ ፋክቱር መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ሕጋዊ ወለድ ከመቶ ዘጠኝ አስቦ እንዲከፍል።"

"ይሄን እኔ ብያለሁ?"

"ሐጂ፣ ይሄ የአጻጻፍ ወግ ነው። ሁሉም ክስ ላይ ይገባል። ለእርስዎ ብዬ ነው" አልኩ። ቁጣዬ መጣ፤ ሲያዝ የሚቆጣ ሰው ነበርኩ። "ኪሳራው ቢወድቅብዎ ባዶ እጅዎን ሊመለሱ ነው ወይ? ሕግ የሚያውቀው ማነው?"

"ሕጉን አንተ እወቀው። ኃጢአቱ የእኔ ነው" አሉ። ቀጥለው ግን ትክ ብለው አዩኝ። አርባ ዓመት ገዢ ፊት ቆመው የነገዱ ሰው ናቸው፤ ዕቃ ሳይሆን ሰው ነበር የሚያዩት። "ደግሞ ለምን ይወድቃል? ነግሬዋለሁ። አንተ ጽፈኸዋል። አንብበህልኛል። የምን መፍራት ነው?"

ካርቦኑን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

"ልጄ፣ ውሉን አምጪ።"

ልጅቷ ውሉን ከቦርሳዋ አወጣች። ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የማጠቢያው ባለቤት ስም፣ ዋጋው፣ ሠላሳው ቀን፣ "ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ"፣ ከዚያ ፊርማው። አንድ ጊዜ ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

"አባባ፣ የለም" አለች።

"ደግመሽ እዪ።"

"የለም።"

ወንበሩ ላይ ያሉት አራቱም አንገታቸውን አሰገጉ። ከፍርድ ቤቱ ግቢ የተላላኪው ድምፅ ስም እየጠራ ይሰማል። ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው ፊደሉን የሚያነቡ ይመስል ረጅም ጊዜ አዩት።

"ታዲያ ያን ቀን ምኑን ነው ያነበብክልኝ?"

እንዲህ ያለ ኀፍረት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ደርሶብኝ አያውቅም። "በቃሌ ነው" አልኩ። "ገጹ አልቆ ነበር። ሰውየው ቸኩሎ ነበር። የተናገሩትን በቃሌ አነበብኩት።"

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ያሉት ቦታ ለቀቁላቸውና ሐጂ ተቀመጡ። "በአንተ አፍ ነው የፈረምኩት" አሉ።

ቀጥላ የተናገረችው ልጃቸው ናት። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገች። "በቃልህ ስታነብ ሰውየውም ይሰማ ነበር?"

"ከሐጂ አጠገብ ነበር የቆመው።"

"እንግዲያው ተነግሮታል ማለት ነው። ሕጉ ይነገረው ነው የሚለው ወይስ ይጻፍለት?"

ሁለቱን መጻሕፍት በቃሌ ይዣለሁ የምል ሰው ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሕጉ ይነገረው ነው የሚለው። እኔ የራሴን ጥፋት ለመሸፈን ስሮጥ፣ ጥፋቴ ራሱ ማስረጃ መሆኑን አላየሁም። ግን ማን ይመስክር? ከሁለቱ የውል ምስክሮች አንዱ የማጠቢያው መጋዘን ጠባቂ ነው፤ የጌታውን እንጀራ እየበላ አይመሰክርም። ሌላው ሐጂ ከመንገድ የጠሩት የጭነት ሹፌር ነበር፤ ዛሬ የት እንዳለ ማንም አያውቅም። የሰማ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ያነበበው።

ሐጂ ይህንን ከእኔ በፊት ነው የተረዱት። ግን አልጠየቁኝም። አንገታቸውን አቀርቅረው የወንበሩን ጠርዝ በጣታቸው ይፈትጉ ነበር።

የትናንቱን ክስ ቀደድኩት። አዲስ ወረቀት፣ አዲስ ካርቦን አስገባሁ። ወረፋ የያዙት እየሰሙ፣ እያንዳንዱን መስመር እየመታሁ እያነበብኩ፣ ልጅቷ ከትከሻዬ በላይ ሆና እያየች፣ ክሱን እንደገና ጻፍኩት። የወለዱን አንቀጽ አስቀረሁ። "ከሳሽ ወለድ አይጠይቅም" ብዬ ጻፍኩ፤ ሐጂ እንዲጻፍ ስለፈለጉ። ጉዳቱን በሁለት ከፈልኩት፤ የመኪናው የዋጋ ልዩነት፣ የቀረ የጭነት ገቢ። "ተከሳሽ ውሉ በተፈረመበት ዕለትና ቦታ ክፍያው ቢዘገይ ከሳሽ መኪናውን ለመሸጥ እንደሚገደድ ተነግሮታል" አልኩ። ማስረጃ ከሚለው ሥር የጅምላ ነጋዴውን ደብዳቤ፣ የመኪናውን የሽያጭ ውል፣ ዋጋ የሚያውቁ ሁለት ደላሎችን ዘረዘርኩ። አራተኛው መስመር ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። "ለ" የምትለዋ ፊደል እዚያም ዘለለች።

ሐጂ የዳኝነቱን ክፍያ ለመክፈል ሱቃቸው የነበረውን ሸራ በርካሽ ሸጡ። በጠየቁት ልክ ነው የሚከፈለው፤ ትልቅ ሲጠይቁ ትልቅ ይከፍላሉ። "አይዞዎት" እንኳ አላልኳቸውም። ሦስት ወር ያህል መጥሪያ፣ መልስ፣ ቀጠሮ ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት በዳሴ በር አልፈው ሰላም ይሉኛል፤ አይቆሙም።

የተከሳሹ መልስ እንደጠበቅኩት ነበር። ዋናውን ገንዘብ አልካደም። "ስለ መኪና ግን የሰማሁት የለም፤ ውሉ ላይም የለም" አለ። ዳኛዋ ጭብጥ ያዘች፤ ተከሳሹ ሲዋዋል ስለ ልዩ ጉዳቱ ተነግሮት ነበር ወይስ አልነበረም?

የምስክር መስሚያው ቀን ችሎቱ ሞላ። ያን ያህል የሞላው ለሐጂ አልነበረም። ከኋላ የተቀመጡትን አወቅኳቸው። አብዛኛዎቹ እኔ ጋ ውል ያጻፉ ናቸው።

መጽሐፍ ቅዱሱን ይዤ ማልኩ። ሐጂ ጠበቃ አላቆሙም፤ ራሳቸው ናቸው የሚጠይቁኝ። ተነሥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

"ያን ቀን ለእኔና ለእሱ ምን ነበር ያነበብከው?"

ነገርኩ። ቃል በቃል ተናገርኩት። ተቀመጡ።

የተከሳሹ ጠበቃ ከጅማ የመጣ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። መጀመሪያ ተቃወመ፤ በጽሑፍ ያለ ውል በሰው ቃል አይጨመርበትም አለ። ዳኛዋ፣ ከሳሽ የውል ቃል ይጨመርልኝ አላለም፣ ተነግሮታል የሚለውን ነገር ነው የሚያስረዳው ብላ ቀጥል አለችው። ወደ እኔ ዞረ።

"ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ዓረፍተ ነገር አነበብክ።"

"አዎ።"

"ያነበብከው ተጽፏል ብለው አምነው ፈረሙ።"

"ሐጂ አምነው ፈረሙ።"

"ስንት ውል ጽፈሃል እስከ ዛሬ?"

"አልቆጠርኩም።"

"በስንቶቹ እንዲህ በቃልህ ጨመርክ?"

ከኋላ አንድ ወንበር ተንቀጫቀጨ። ቁጣዬ መጣ። "በዚህ ብቻ!" ብዬ ልጮህ ነበር። ግን እርግጠኛ ነበርኩ? ስንት ቀን ነው የቸኮልኩት? ስንት ሰው ነው በአፌ የፈረመው?

"አላውቅም" አልኩ።

ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታች። ከዚያ ተከሳሹን ብድግ ይበሉ አለችው።

"ሲነበብ እዚያው ነበሩ?"

"ነበርኩ፣ ክብርት ዳኛ። ዝናብ ግን... መኪናዬም ሞተሯ ይጮህ ነበር።"

"ይህን ዓረፍተ ነገር አልሰሙም?"

"ብሰማስ ምን ያስጨንቀኛል? ቅጂዬን ፒክአፑ ውስጥ ሆኜ አየሁት፣ እንደሌለበት አየሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ።"

ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ። ተከሳሹ ራሱ ምን እንደተናገረ የገባው ዳኛዋ ስትጽፍ አይቶ ነው። የሌለ ነገር የፈለገ ሰው ነገሩን ሰምቶታል።

ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ዋናው ሁለት መቶ አርባ ሺህ ይከፈል። የመኪናው ኪሳራ ሰባ ሺህ በሙሉ ይከፈል፤ ሲዋዋል ተነግሮታልና። የጭነቱ ገቢ ሃያ አራት ሺህ ግን ገቢውን የሚያሳይ ማስረጃ ስላልቀረበ ውድቅ። ወለድን በተመለከተ፣ ከሳሽ አልጠየቀም፤ ያልተጠየቀ አይሰጥም። ሐጂ ይህችን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጪና ኪሳራ ተቆርጦላቸው የዳኝነቱም ክፍያ ተመለሰላቸው።

ሲወጡ የችሎቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። "እንኳን ደስ ያለዎት ሐጂ" አልኩ። "አሏህ ይስጥህ" ብለው አለፉ።

ዳሴ ግን ቀዘቀዘች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ያቺን አንዲት ገጽ ስሮጥ ነበር የታጠቅኳት። በሳምንት አንድ ባለጉዳይ፣ በሁለት ሳምንት አንድ። የማያነቡት እኔን አልፈው ገበያው አጠገብ ወዳለው ጸሐፊ መሄድ ጀመሩ። የሚያነቡት ሲመጡ ደግሞ ወረቀቱን ራሳቸው ተቀብለው ድምፃቸውን ሳያሰሙ ያነባሉ፤ እኔም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። አልተቆጣሁም። የት አባቴ ልቆጣ?

ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ከሰዓት አይሱዙ መጣች፤ የቀድሞዋ አልነበረችም፣ ሌላ ናት፣ ያረጀች ሰማያዊ። ሐጂ ከጋቢናው ወረዱ፤ ከሻጩ ጋር። ልጃቸውም ከኋላቸው። የመኪናውን የሽያጭ ውል እንድጽፍላቸው ነው የመጡት። ገበያው አጠገብ ያለው ጸሐፊ ክፍት ነበር፤ አልፈውት ነው የመጡት።

ወረቀት አስገባሁ። ሻጩ ቸኩሎ ነበር፤ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ሐጂ የነገሩኝን ሁሉ ጻፍኩ፤ የጎማውን ሁኔታ፣ የሞተሩን ቁጥር፣ ሻጩ ስለ ዕዳና እገዳ የሰጠውን ቃል። ገጹ አለቀ። ሁለተኛ ገጽ አስገባሁ። ሻጩ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሐጂ አልቸኮሉም።

ጨርሼ ወረቀቱን ከታይፑ ሳወጣ፣ እንደ ድሮው ላነብላቸው አፌን ከፈትኩ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና ለልጃቸው ሰጧት።

"አንብቢ" አሏት።

ልጅቷ መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች፤ እስክትጨርስ እኔም ሐጂም ጠበቅናት።